ዛሬ የቀየሩት ባክግራውንድ ነገም እንዲቀየር

ሰኔና ሐምሌ ለፎቶ ቤቶች የምርቃት ወራት ናቸው። አንዲት ተመራቂ ጥቁር ጋዋኗን ለብሳ፣ ስሟ የታተመበትን ስካርፍ አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ግራጫ ወረቀት ፊት ቆማ ትነሣለች። ፎቶው ሳሎን የሚሰቀል ነውና እናቷ ከጀርባዋ ሐዋሳ ሐይቅ እንዲታይ ይፈልጋሉ። ባለሙያው ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ፀጉሯን ከወረቀቱ ይለያል፤ ሐይቁን ከኋላ ያስገባል፤ ቀለሙን አስማምቶ ያስረክባል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ይደወላል። «ልጄ፣ ጣና ቢሆን ይሻላል ብለናል። የአባቷ አገር እኮ ባሕር ዳር ነው።»

ባለሙያው መጀመሪያ ፋይሉን ያደራጀው ለመለወጥ እንዲመች አድርጎ ከሆነ፣ ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ካልሆነ ሦስቱን ሰዓት እንደገና ይሠራል። እኔም ይህ ደርሶብኛል። ንብርብሮቹን ሁሉ አንድ አድርጌ ያስቀመጥኩትን ፋይል ከፍቼ፣ የልጅቷ ፀጉር ከሰማዩ ጋር እንደ ተጣበቀ ያየሁበትን ምሽት አልረሳውም። ስለዚህ ይህችን ተመራቂ እንደ ምሳሌ ይዘን፣ ሥራው እንዴት እንደሚደራጅና ምን እንደሚያስወጣ ቀስ ብለን እንይ። የምጠቀመው ፎቶሾፕን ነው።

መጀመሪያ የሚጠፋው ነገር ምን እንደሆነ እንረዳ። ፎቶ የሚሠራው ፒክሰል ከሚባሉ ጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች ነው። በመጥረጊያ ሲያጠፉ ነጥቦቹ ይጠፋሉ። ሲያሳንሱም እንዲሁ ነው። ወርዱ 4000 ነጥብ የነበረን ምስል ወደ 1000 አሳንሰው ፋይሉን ካስቀመጡት በኋላ መልሰው ወደ 4000 ቢለጥጡት፣ የሚያገኙት የደበዘዘ ምስል ነው። ሦስት ሺሁን ነጥብ ፕሮግራሙ በግምት ይሞላዋል እንጂ ከየትም አያመጣውም።

«Ctrl+Z አለ አይደል?» ይሉ ይሆናል። አለ፤ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ፎቶሾፕ ሳይነካ በመጣበት ቅንብር የሚያስታውሰው የመጨረሻዎቹን 50 እርምጃዎች ነው። በብሩሽ ፀጉር ሲያስተካክሉ እያንዳንዱ ምት አንድ እርምጃ ስለሆነ፣ ሃምሳው በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ፋይሉን ሲዘጉ ደግሞ ትዝታው ሁሉ አብሮ ይዘጋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሚመጣ ደንበኛ አይደርስም።

የሚደርሰው ሌላ ዘዴ ነው። እያንዳንዱ ውሳኔ የየራሱ ንብርብር ይሰጠዋል፤ ዋናው ፎቶ ግን አይነካም። በፎቶ ቤት ቋንቋ ንብርብሩን ሌየር እንለዋለን። እንደ ተደራረቡ ግልጽ ላስቲኮች ያስቡት፤ ከላይ ሲያዩ አንድ ሥዕል ይመስላል፤ አንዱን መዘው ሲያወጡ ሌላው አይነካም። ለእኛ ሥራ ሦስት ዓይነቶቹን ማወቅ ይበቃል።

አንደኛው ስማርት ኦብጀክት ነው። ይህ ዋናውን ፎቶ ሙሉ ለሙሉ በውስጡ የሚያስቀምጥ ሣጥን ነው። ከውጭ ሲያሳንሱት፣ ሲያዞሩት ወይም ሲያደበዝዙት የሚለወጠው የሣጥኑ መልክ ብቻ ነው። ውስጡ ያለው ፎቶ በመጀመሪያው መጠኑ ይቀመጣል፤ ነገ መልሰው ሲያሰፉት ከዚያው ይወስዳል። ወደ ፎቶሾፕ የገባው በ2005 ነው።

ሁለተኛው አድጀስትመንት ሌየር ይባላል። በራሱ ምስል የለውም፤ የያዘው ትእዛዝ ነው። «ከታቼ ያለውን ትንሽ አብራ»፣ «ቢጫ ጨምር» እንደሚል ባለቀለም መስታወት ነው። ሲያነሡት ፎቶው እንደ ነበረ ይሆናል፤ ሁለቴ ሲጫኑት ቁጥሩን መልሶ ያሳይዎታል። ሦስተኛው ግሩፕ ነው፤ ብዙ ሌየሮችን ሰብስቦ እንደ አንድ የሚይዝ ማኅደር።

በነዚህ ላይ ማስክ ይታከላል። ማስክ ጭምብል ነው፤ ነጭ የሆነው ቦታ ያሳያል፣ ጥቁር የሆነው ይሰውራል። መጥረጊያ ያጠፋውን ፀጉር መመለስ አይቻልም። በማስክ የተሰወረ ፀጉር ግን ነጭ ብሩሽ ሲያልፍበት ይመለሳል።

አሁን ወደ ተመራቂያችን እንሂድ። ፎቶው የሚታተመው በ30 በ40 ሳንቲ ሜትር ነው። በኢንች 300 ነጥብ ስናሰላ 3543 በ4724 ፒክሰል ይሆናል። ይህ የዋናው ፋይላችን ሸራ ነው።

ከምንም በፊት የልጅቷን ፎቶ ወደ ሸራው እናስገባለን። መንገዱ File ከዚያ Place Embedded ነው። በዚህ መንገድ የገባ ፎቶ ያለ ተጨማሪ ሥራ ስማርት ኦብጀክት ሆኖ ይቀመጣል። ፎቶው ቀድሞ እንደ ተራ ሌየር ገብቶ ከሆነ ሌየሩ ላይ በቀኝ ተጭነው Convert to Smart Object ይበሉ። ይህን ማድረግ ያለብዎት ከማሳነስዎ በፊት ነው። ካሳነሱ በኋላ ቢያደርጉት ሣጥኑ የሚያስቀምጠው ያነሰውን ነው።

ቀጥሎ ሌየሩን መርጠው Ctrl+G ይጫኑ። ግሩፕ ይፈጠራል፤ «ሰው» ብለው ይሰይሙት። ከዚያ የልጅቷን ቅርጽ በ Select Subject ይምረጡ። Select and Mask ውስጥ ገብተው ፀጉሯን ያጥሩ። በመጨረሻ Output To በሚለው ቦታ Layer Mask ይምረጡና የተገኘውን ማስክ ይዘው ወደ ግሩፑ ይጎትቱት።

«ለምን በግሩፑ ላይ? ሌየሩ ላይ ቢሆንስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። በኋላ የፊቷን ብጉር የምናጠፋበት ባዶ ሌየር፣ ቀለሟን የምናስማማበት ሌየር፣ ሌላም ይመጣል። ማስኩ ግሩፑ ላይ ከሆነ ሁሉም በአንድ ጭምብል ይቆረጣሉ። በየሌየሩ ከሆነ ግን ጠርዙን ባስተካከሉ ቁጥር አራት ቦታ ማስተካከል ይጠበቅብዎታል፤ አንዱን መርሳትም አይቀርም።

ከ Select and Mask ሲወጡ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። Decontaminate Colors የሚል ምርጫ አለ። በፀጉሩ ጫፍ ላይ የቀረውን የግራጫ ወረቀት ቀለም ያጠፋልና ያጓጓል። ነገር ግን የፒክሰሎቹን ቀለም ራሱን ይለውጣል፤ ስለዚህም ውጤቱን በአዲስ ተራ ሌየር ካልሆነ አይሰጥም። ስማርት ኦብጀክታችን እዚያ ላይ ይቀራል ማለት ነው። የጠርዙን ቀለም ለማስተካከል ሌላ መንገድ አለ፤ እንደርስበታለን።

ብጉርና ጠባሳ ለማጥፋት በልጅቷ ፎቶ ላይ፣ ግን በዚያው ግሩፕ ውስጥ፣ ባዶ ሌየር ይክፈቱ። Healing Brush ሲይዙ ላይኛው መስመር ላይ Sample የሚለውን Current & Below ያድርጉት። ብሩሹ ከታች ያለውን ቆዳ እያየ በባዶው ሌየር ላይ ይሥላል። ረስተው በስማርት ኦብጀክቱ ላይ ለመሣል ቢሞክሩ፣ ፕሮግራሙ Rasterize ይሁን ወይ ብሎ ይጠይቅዎታል። «ሣጥኑን ሰብሬ ተራ ምስል ላድርገው?» ማለቱ ነው። መልሱ Cancel ነው። ብዙ ሰው እዚህ ቦታ OK ብሎ ያልፋል፤ የጠፋውን የሚያውቀውም በሁለት ሳምንቱ ነው።

አሁን ሐይቁ። ይህ የሥራው ዋና ቦታ ነውና ረጋ እንበል።

ብዙዎቻችን ሐይቁን ስማርት ኦብጀክት አድርገን አስገብተን፣ ለመለወጥ Replace Contents እንጫናለን። ትእዛዙ ይሠራል፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ፎቶ አውጥቶ ሌላ ያስገባል። ችግሩ መጠን ነው። ለሐዋሳው ፎቶ የሰጡትን የማሳነሻ መቶኛ ለጣናውም ያንኑ ይሰጠዋል። የሐዋሳው ፎቶ ወርዱ 6000 ፒክሰል፣ የጣናው 3000 ከሆነ፣ ጣናው በግማሽ አንሶ ይመጣል፤ ከሸራው ጠርዝም ባዶ ይተርፋል።

እኔ የምመክረው ሣጥኑን በቋሚ መጠን መሥራት ነው። አዲስ ፋይል በ5000 በ6000 ፒክሰል ይክፈቱ። «ባክግራውንድ» ብለው በ PSD ያስቀምጡት። የሐዋሳውን ፎቶ በውስጡ ያስገቡ። ከዚያ ይህን ፋይል ራሱን በ Place Embedded ወደ ዋናው ሸራ ያምጡት፤ ከልጅቷ ግሩፕ በታች ይሁን። ሲገባ ራሱን ከሸራው ጋር ያሳንሳል፤ ላይኛው መስመር ላይ W እና Hን ወደ 100% ይመልሱት። አሁን ሣጥኑ ከሸራው ሰፍቶ በየጎኑ ትርፍ አለው፤ ግራ ቀኝ ለማንቀሳቀስ ይመቻል።

ደንበኛ «ጣና» ሲል ሣጥኑን ሁለቴ ይጫኑት። በራሱ መስኮት ይከፈታል። የጣናውን ፎቶ ከሐዋሳው በላይ ያስገቡ፤ የሐዋሳውን ዓይን ምልክት ተጭነው ይሰውሩ፤ Ctrl+S ብለው ይዝጉ። ዋናው ፋይል ላይ ጣና ይታያል። የሣጥኑ መጠን ስላልተለወጠ ውጭ ያለ ምንም ነገር አልተናወጠም። ሐዋሳም አልተጣለም፤ እናቲቱ ሐሳባቸውን ቢመልሱ እዚያው ተኝቶ ይጠብቃል። ሲያስቀምጡ ግን Save As ብለው ሌላ ስም እንዳይሰጡት። በሌላ ስም ከተቀመጠ ዋናው ፋይል ስለ ለውጡ አያውቅም፤ «ቀየርኩት፣ ግን አልታየም» የሚለው አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

በሣጥኑ ውስጥ አንድ ረዳት መስመር ያስምሩ፤ ሰማይና ምድር የሚገናኙበትን ቁመት የሚያመለክት ነው። ሜዳ ላይ የቆመን ሰው ስናነሣ፣ ከጀርባው ያለው አድማስ ሰውየውን የሚቆርጠው በካሜራው ቁመት ላይ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ካሜራው ከወለል 1.2 ሜትር ከፍ ብሎ ከነበረና ልጅቷ 1.6 ሜትር ከሆነች፣ አድማሱ በቁመቷ ሦስት አራተኛ፣ ማለትም ደረቷ አካባቢ ማለፍ አለበት። የሐይቁ የወዲያኛው ዳር ከጉልበቷ በታች ከሆነ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም «ይሄ ፎቶ የተለጠፈ ነው» ይላል። መስመሩ ካለ ለሐዋሳም ለጣናም ያው ነው፤ የሚያስገቡትን ፎቶ ውሃ ከመስመሩ ጋር ያስተካክሉ።

የባክግራውንዱን ቀለም የሚያርመው አድጀስትመንት ሌየር የት ይቀመጥ? በሣጥኑ ውስጥ፣ ከየምስሉ ጋር በአንድ ግሩፕ። የሐዋሳው እርማት የሐዋሳ ነው፤ ጣና ሲመጣ መከተል የለበትም። ከሣጥኑ ውጭ የሚቀመጠው ለማንኛውም ጀርባ የሚሆነው ነው። ለምሳሌ ከሩቅ ያለውን ነገር የሚያደበዝዘው Gaussian Blur። በስማርት ኦብጀክት ላይ ሲያደርጉት ከሌየሩ በታች ተጽፎ ይቀመጣል፤ ሁለቴ ተጭነው 6 የነበረውን ቁጥር 4 ማድረግ ይችላሉ። ከስሙ ጎን የራሱ ነጭ ማስክ አለው። የታችኛውን ክፍል በጥቁር ያጥሉበት፤ የምትቆምበት መሬት ጥርት ብሎ መቅረት አለበት፤ እግሯ ስር ያለው ሣር ደብዝዞ ጫማዋ ጥርት ካለ አያምርም።

የምስሉን ምንጭም ይመልከቱ። ደንበኛው የጣናን ፎቶ በቴሌግራም ከላከ፣ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልክ ይጠይቁት። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ ስማርት ኦብጀክትም ያልነበረ ነጥብ አይፈጥርም። 1280 ፒክሰል ርዝመት ያለው ምስል በ4724 ሸራ ላይ ሲለጠጥ ሣጥን ውስጥ ሆነም አልሆነም ይደበዝዛል።

ወደ ብርሃኑ እንሂድ። የሐዋሳው ፎቶ በደመናማ ጠዋት የተነሣ ነው እንበል። ብርሃኑ ለስላሳ ስለሆነ ከስቱዲዮው መብራት ጋር አይጣላም። የጣናው ግን ከምሽቱ ፀሐይ ጋር ነው። ባሕር ዳር ከሐይቁ ደቡብ ዳር ላይ ናት፤ ፊትዎን ወደ ውሃው ሲያዞሩ ፀሐይ በግራዎ ትጠልቃለች። የስቱዲዮው መብራትም ከግራ ስለነበረ አጋጣሚው ጥሩ ነው። ባይገጥም ኖሮ የሚገለበጠው ባክግራውንዱ ነበር፤ ልጅቷን ከገለበጡ ስካርፏ ላይ ያለው ስም ተገልብጦ ይነበባል። ያም ቢሆን የሚታወቅ ቦታ ሲገለበጥ የአገሩ ሰው ስለሚያውቀው፣ ብርሃኑ የሚገጥም ሌላ ፎቶ መፈለግ ይሻላል።

ልጅቷን ለምሽቱ ለማስማማት «ሰው» በሚለው ግሩፕ ውስጥ፣ ከሁሉ በላይ፣ ከርቭስ ይክፈቱ። ከርቭስ ብርሃንንና ቀለምን በአንድ መስመር ጠመዝማዛ የሚያርም አድጀስትመንት ሌየር ነው። Red የሚለውን ትንሽ ከፍ፣ Blue የሚለውን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ። ፊቷ ሙሉ በሙሉ ብርቱካናማ ከሆነ አልፈዋል። የምሽት ፀሐይ የሚያሞቀው የሚነካውን ጎን ብቻ ነው። ስለዚህ በከርቭሱ ማስክ ላይ፣ በፎቶው ቀኝ በኩል ያለውን ጎኗን በለስላሳ ጥቁር ብሩሽ ይሰውሩ። ሌየሩን «ለጣና» ብለው ይሰይሙት። ቀድሞ «ለሐዋሳ» ብለው የሠሩት ከርቭስ ካለም አያጥፉት፤ ዓይኑን ብቻ ይዝጉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነገር አለ። ልጅቷን ሊያሞቁ ከርቭሱን ሲነኩ፣ ከታች ያለው ሐይቅም አብሮ ይቀላ ይሆናል፤ በተለይ ማስኩ ግማሽ ግልጽ በሆነበት የፀጉር ጠርዝ ላይ። ምክንያቱ ግሩፕ ሲፈጠር Pass Through በሚባል ሁኔታ ላይ መሆኑ ነው። ይህ «በኔ ውስጥ ያለው ትእዛዝ ወደ ታች ይለፍ» ማለት ነው። የሌየሮች ሰሌዳ ላይ ግሩፑን መርጠው ይህን ወደ Normal ይለውጡት። ያኔ ከርቭሱ የሚያርመው በግሩፑ ውስጥ ያለችውን ልጅ ብቻ ይሆናል። አንዲት ቃል ናት፤ ግን እኔ ከማውቃቸው ባለሙያዎች ብዙዎቹ ለዓመታት ሳያውቋት ሠርተዋል።

Normal ሲያደርጉት ግን ጥላው ከግሩፑ ውጭ መሆን አለበት። ጥላ የሚሠራው Multiply በሚባል ሁኔታ ነው፤ ከታቹ ያለውን መሬት ያጠቁራል። Normal በሆነ ግሩፕ ውስጥ ካስገቡት መሬቱን አያየውም፤ በላዩ ላይ እንደ ተለጠፈ ቀለም ይሆናል። ስለዚህ ጥላውን ለብቻው፣ በባክግራውንዱና በ«ሰው» መካከል ያስቀምጡት። አሠራሩ ቀላል ነው። የግሩፑን ማስክ Ctrl ይዘው ይጫኑት፤ የልጅቷ ቅርጽ ይመረጣል። በአዲስ ሌየር ላይ በጥቁር ሰማያዊ ይሙሉት፤ ወደ ስማርት ኦብጀክት ይለውጡት፤ በ Ctrl+T መሬት ላይ ያስተኙት፤ በ Gaussian Blur ያለስልሱት። ለሐዋሳ አጭርና ፈዛዛ ነበር። ለጣና Ctrl+T ብለው ወደ ቀኝ ያስረዝሙታል። ስማርት ኦብጀክት ስለሆነ ደጋግመው ቢስቡት ጠርዙ አይበላሽም።

የቀረን የፀጉሩ ጠርዝ ነው። በሐዋሳው ነጣ ያለ ሰማይ ላይ ያልታየ ግራጫ ክር፣ በጣና የምሽት ሰማይ ላይ እንደ ብርሃን ቀለበት ይወጣል። ባክግራውንድ ከብሩህ ወደ ጨለማ ሲቀየር ሁልጊዜ ይህን ይጠብቁ። በ«ሰው» ግሩፕ ውስጥ ከላይ አዲስ ባዶ ሌየር ይክፈቱ፤ ሁኔታውን Color ያድርጉት፤ ከፀጉሯ መካከል ቀለም ወስደው በጠርዙ ላይ በለስላሳ ብሩሽ ይለፉ። አሁንም ቢያበራ ሁለተኛ ባዶ ሌየር በ Multiply ይጨምሩ። ዋናው ፀጉር አልተነካም። የማስኩን ጠርዝ ማለስለስ ከፈለጉ Properties ሰሌዳ ላይ ያለው Feather የሚመለስ ነው፤ ነገ ዜሮ ቢያደርጉት እንደ ነበረ ይሆናል። በ Select and Mask ውስጥ ያለው Shift Edge ግን ማስኩን ራሱን ይለውጣልና፣ ከመንካትዎ በፊት የማስኩን ቅጂ ያስቀምጡ።

ሁሉም መስማማቱን ለማየት ከሁሉ በላይ Black & White የሚባል አድጀስትመንት ሌየር ለጊዜው ያስቀምጡ። ቀለሙ ሲጠፋ የብርሃን ልዩነት ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። ልጅቷ ከአካባቢዋ በግልጽ ከበራች ወይም ከጠቆረች ያዩታል። አርመው ሲጨርሱ ይሰውሩት።

ዋጋውስ? ሦስት ነገር ያስወጣል፤ ቦታ፣ ጊዜና ትዕግሥት። 24 ሚሊዮን ነጥብ ያለው የካሜራ ፎቶ በተለመደው ጥልቀት ሲከፈት 72 ሜጋ ባይት ያህል የኮምፒውተር ትውስታ ይይዛል። ልጅቷ አንድ፣ ሐዋሳ ሁለት፣ ጣና ሦስት፤ 216 ሜጋ ባይት ሆነ፤ ገና ጥላውና ማስኩ አልተቆጠረም። የተሰወረ ባክግራውንድም ዲስክ ላይ ቦታ መያዙን አይተውም። አድጀስትመንት ሌየሮቹ ግን ትእዛዝ ብቻ ስለያዙ ለቦታ ብዙም አይታሰቡም። ስለዚህ ቦታ ለመቆጠብ ከፈለጉ የማይፈለጉ ፎቶዎችን ያውጡ እንጂ ከርቭሶችን አያዋህዱ። የ PSD ፋይል ጣሪያው 2 ጊጋ ባይት ነው፤ ከዚያ ካለፈ በ PSB ይቀመጣል።

ፋይሉ ሲከብድ ማስቀመጡም ይዘገያል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፎቶሾፕ በየ10 ደቂቃው ለክፉ ቀን የሚሆን ቅጂ ያስቀምጣል፤ ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ወደ 5 ማውረድ ይችላሉ። እኔ 5 አድርጌዋለሁ።

«አንድ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ አንድ ዓይነት ባክግራውንድ ቢፈልጉስ?» ያኔ Place Embedded ሳይሆን Place Linked ይጠቀሙ። ባክግራውንዱ በየፋይሉ ውስጥ አይገባም፤ ከውጭ ባለ አንድ ፋይል ይታያል። አርባ ተመራቂዎች አንድ ባክግራውንድ ይጋራሉ፤ እሱን አንዴ ሲያርሙ አርባውም ሲከፈቱ አዲሱን መቀበል ይችላሉ። ቦታም ይቆጥባል። አደጋው ፋይሉን ሲያንቀሳቅሱ ነው። ፍላሽ ላይ PSDውን ብቻ ገልብጠው ማተሚያ ቤት ከወሰዱ፣ ባክግራውንዱ አልተገኘም የሚል መልእክት ይጠብቅዎታል። ከመውሰድዎ በፊት File ውስጥ ያለው Package ሁሉንም በአንድ ፎልደር ይሰበስብልዎታል።

ሁሉም ሥራ ይህን ያህል ድካም ይገባዋል አልልም። ለፓስፖርት የሚሆን ጉርድ ፎቶን ነጭ ጀርባ ላይ ለማድረግ ማስክ ብቻ ይበቃል። ሳሎን የሚሰቀል፣ ቤተሰብ የሚመክርበት ፎቶ ግን ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

ፎቶሾፕ መግዛት ካልቻሉ በብራውዘር የሚሠራው ፎቶፒያ PSD ይከፍታል፤ ስማርት ኦብጀክትንም ያውቃል። ነፃው ጊምፕም በ2025 በወጣው 3.0 እትሙ የሚመለሱ ፊልተሮችን ይዞ መጥቷል።

ሲያስረክቡ Flatten Image ብለው በላዩ አያስቀምጡ። File ከዚያ Save a Copy ይበሉና JPEG ይምረጡ። JPEGው ለደንበኛው ይሂድ። PSDው በደንበኛው ስምና በቀኑ ተሰይሞ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቀመጥ፤ የሚቀጥለው ምርቃት እስኪደርስ ስልኩ ይደወላል።